«እስኪ እናያለን» ብዬ ያመጣሁት ጣጣ፦ ወላጅ የመረጠለትን ትዳር የማይፈልግ ልጅ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ቤታችን ብቸና አካባቢ ነው። እኔ ሥራዬ ባሕር ዳር ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ወላጆቼ ሚስት መረጡልኝ። አለመፈለጌ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ አልፈልግም ያልኩበት መንገድ ነው። ጓደኞቼም እዚያው ጉድጓድ ሲገቡ ስላየሁ ልጻፈው አልኩ።

«እስኪ እናያለን» ማለት

ለመስቀል ቤት ገባሁ። እማየ ቡና እየቆላች «የነእንትና ልጅ ጨዋ ናት፣ ባለሙያ ናት» አለችኝ። ጭሱ ያስለቀሰኝን ዐይኔን እየጠራረግሁ «እስኪ እናያለን» አልኳት። ባሕር ዳር ላይ ይህ «ተዉኝ» ማለት ነው። እኛ ቤት ግን «እሺ» ነው፤ ያፈረ ልጅ እሺ የሚለው እንዲሁ ነዋ።

ጥቅምት ላይ አባየ ሦስት ሽማግሌ ላኩ። የልጅቷ ቤተሰብ እንደ ደንቡ መልስ ሳይሰጥ ቀጠሮ ሰጠ። በመሀል ዘር ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የለም ተባለ። በሁለተኛው ቀጠሮ ቃል ታሰረ። እኔ የሰማሁት በስልክ ነው፦ «ለጥር ነው፣ ከጥምቀት በኋላ።» ልጅቷንም የጠየቃት ሰው መኖሩን እንጃ።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ሽማግሌ ሳይሄድ እምቢ ያለ ልጅ የሚያስቀይመው ወላጆቹን ብቻ ነው። ሽማግሌ ከሄደ በኋላ እምቢ ካለ ግን የአባቱን ቃል፣ የሽማግሌዎቹን ፊት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጅቷን ስም ይነካል። ስለዚህ መልሱ የሚነገረው ስሟ መጀመሪያ የተነሳ ዕለት ነው። እኔ ቡናው ሳይፈላ መናገር ነበረብኝ።

ሰበብ መደርደር

ከስልኩ በኋላም እውነቱን አልተናገርኩም። «ገንዘብ የለኝም» አልኩ። አባየ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጡ። «የምኖረው በኪራይ ነው» አልኩ። «እኛ ጋ ትቀመጣለቻ!» ተባለ። «ትምህርት ልቀጥል ነው» ስል ደግሞ «ማን ከለከለህ?» አሉኝ።

ወላጅ ሰበብን እንደ ችግር ነው የሚሰማው፤ ይፈታልሃል። በፈታልህ ቁጥር ባለዕዳ ትሆናለህ። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ብቻውን አያርስም፤ መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት ደጅ ይቆማል። እኔ በአንዲት ውሸት አባቴን እዚያ አደረስኳቸው። እናቴም ጌሾ ማስወቀጥ ጀምራ ነበር።

አንድ ምክንያት ብቻ ተናገሩ፣ እሱም እውነተኛው ይሁን። የእኔ «የማገባት ሌላ ሴት አለች» የሚል ነበር። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን በሬ የለም።

እኩያን አማላጅ ማድረግ

መጀመሪያ የላክሁት ጓደኛዬን ነው። አባየ ጠላ አጠጡት፣ ስለ መንገዱ ጠየቁት፣ ሸኙት። ጉዳዩ አልተነሳም። እንደዚህ ያለ ነገር ከልጅ አፍ አይሰማም።

በኋላ የእማየን ታላቅ ወንድም ለብቻቸው፣ የነፍስ አባታችንን ለብቻቸው አገኘሁ። ለሁለቱም ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ሌላዋም ጭምር። አማላጅ የማያውቀው ነገር መሀል ላይ ከወጣበት ያፍራል፣ ሁለተኛም አይመለስም። የምትፈልጓት ልጅ ሃይማኖቷ ሌላ ከሆነ ግን የነፍስ አባት ጠበቃ ይሆኑልኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አጎት ላይ ተደገፉ።

በበዓል ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት «አላገባም!» ብሎ የጮኸ ጓደኛ አለኝ። እሱን ለማስታረቅ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ያለቦታው ሕግ መምዘዝ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። ይህን ለአባቴ በስልክ አነበብኩላቸው። «ከሰስከኝ?» አሉና ዘጉት። የሚለምን አባት ላይ ሕግ አይመዘዝም። የምታስገድድ፣ የምትደበድብ፣ ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ የምትድር ቤት ካለች ግን ሽማግሌ አትጠብቁ። ፖሊስና የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚፈለጉት ያኔ ነው።

የእኔ ነገር ያለቀው አጎቴና ቄሱ እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው የልጅቷ ቤት ይቅርታ ሲጠይቁ ነው። የበሬውን ዋጋ በአራት ወር ከፈልኩ። አባየ እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። ከፋሲካ በኋላ ደወሉ። ሰላምታ አላበዙም።

«ያችኛዋስ» አሉ፣ «አያቷ ማን ይባላል?»