የፔኔትሬሽን ቴስት እንዴት ይሠራል? ከፈቃድ ወረቀቱ እስከ ሪፖርቱ

ድሬዳዋ ውስጥ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ዕቃ የሚያስተላልፍ አንድ የትራንዚት ድርጅት አለ እንበል። ደንበኞቹ ዕቃቸው የት እንደደረሰ የሚያዩበትና ኢንቮይሳቸውን የሚያወርዱበት ዌብሳይት አለው። ሥራ አስኪያጁ ሌባ ሳይቀድማቸው ቀዳዳውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ፔኔትሬሽን ቴስት ማለት ይኸው ነው፤ በባለቤቱ ፈቃድ እንደ አጥቂ ሆኖ ሲስተሙን መፈተሽ።

1. ወሰኑን በጽሑፍ አስቀምጡ

«ሲስተማችንን ፈትሹልን» የሚል ውል አይበቃም። የሚፈተሸው ዌብሳይት በአድራሻው፣ ሰርቨሩ በአይፒ ቁጥሩ ይጻፍ። የማይነካውም እንደዚያው ይዘርዘር። ደንበኛው የሚከፍልበት የባንክ ሲስተም የትራንዚት ድርጅቱ ንብረት ስላልሆነ ሥራ አስኪያጁ ሊፈቅዱት አይችሉም። ሰርቨሩ የተከራዩት ከሆነ ደግሞ አከራዩ ድርጅት ፍተሻ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ፊርማው የአይቲ ባለሙያው ሳይሆን ድርጅቱን ወክሎ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ይሁን። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ መግባትም ወንጀል ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ እርምጃ የምትመለሱት ወደዚህ ወረቀት ነው።

2. የሥራውን ደንብ ተስማሙ

እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው ሰዓቱ ነው። ውሉ ላይ «ከ6 እስከ 11 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ባለቤቱ ሌሊቱን ያስባሉ፤ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ግን ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 5 ሰዓት ያለውን፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ ያለበትን ጊዜ ይረዳል። የዓለም አቀፍ መለኪያ ሰዓት በሆነው በዩቲሲ በሚሠራ ሰርቨር መዝገብ ላይ ደግሞ ያው ሌሊት ከ21:00 እስከ 02:00 ነው፤ የሚጀምረውም ከዚያ በፊት ባለው ዕለት ነው። ሦስቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። አለበለዚያ በዚያ ሌሊት የገባው የእናንተ ሙከራ ይሁን የእውነተኛ አጥቂ መለየት ያስቸግራል።

በተረፈ ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይኑር፤ ሲስተም የሚያጨናንቅ ሙከራም በግልጽ ይከልከል። ሌላ ሰው ቀድሞ የገባበት ምልክት ከታየ ፍተሻው ወዲያው ቆሞ ይደወላል።

3. በሩን ቁጠሩ

ወሰኑ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች ብቻ `scope.txt` በሚባል ፋይል አስቀምጡና ክፍት የሆነውን ፖርት፣ ማለትም ሰርቨሩ ከውጭ ጥያቄ የሚቀበልበትን በር፣ nmap በሚባለው መሣሪያ እዩ።

```
nmap -sV -T2 -iL scope.txt -oA scan1
```

`-T2` ፍተሻውን ያዘገየዋል፤ አቅሙ ትንሽ ለሆነ ሰርቨር ይሻላል።

4. ቀዳዳውን በትንሹ አረጋግጡ

አንዱ ደንበኛ የሌላውን ኢንቮይስ ማየት ይችል እንደሆነ ለመፈተሽ ድርጅቱ ሁለት የሙከራ ደንበኞች ይክፈትላችሁ። የመጀመሪያው ኢንቮይስ 1041፣ የሁለተኛው 1042 ነው እንበል። በመጀመሪያው ደንበኛ ገብታችሁ የሁለተኛውን ጠይቁ፤ `A_TOKEN` ያለበት ላይ የመጀመሪያው ደንበኛ ሲገባ ሰርቨሩ የሰጠውን የሴሽን ቁጥር አስገቡ፦

```
curl -i -b "session=A_TOKEN" https://app.example.com/invoice/1042
```

ሰርቨሩ የሚመልሰው ኮድ 403 (ተከልክሏል) ወይም 404 (አልተገኘም) ከሆነ በሩ ዝግ ነው። 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» የሚለውን ኮድ፣ ስላያችሁ ግን አትቸኩሉ፤ «አልተፈቀደም» የሚል ገጽ በ200 የሚልክ ሲስተም አለ። ወርዳችሁ ይዘቱን አንብቡ። በሁለተኛው ደንበኛ ስም የመዘገባችሁት ዕቃና ዋጋ ካለ፣ ማንኛውም ደንበኛ የሌላውን ኢንቮይስ ማየት ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቁሙ። ወደ 1043 መቀጠል የእውነተኛ ነጋዴ ሰነድ መክፈት ነው፤ ለማስረጃም የሚጨምረው ነገር የለም። ስንት ሰነድ እንደተጋለጠ ድርጅቱ ራሱ ከዳታቤዙ ቆጥሮ ሊነግራችሁ ይችላል። እኔ የባለሙያን ብቃት የምለካው ከሁሉ በላይ በዚህች መቆም ነው።

5. ሪፖርቱን ጻፉ

የመጀመሪያው ገጽ ለሥራ አስኪያጁ ነው፦ «አንድ ነጋዴ የተፎካካሪውን የዕቃ ዓይነትና ዋጋ ማየት ይችላል።» ቀጥሎ ለፕሮግራመሩ፦ የት እንዳለ፣ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚደገም፣ ማስረጃው፣ መፍትሔው። ማስረጃው ላይ ያለው የሴሽን ቁጥር ይሸፈን።

ይህ ቀዳዳ የቀዳዳን ክብደት ከ10 በሚለካው በሲቪኤስኤስ 3.1 ሲለካ 6.5፣ ማለትም መካከለኛ ይወጣለታል። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ማለፍ ግን ባለቤቱን ያሳስታል። ዋጋ ምሥጢር በሆነበት ንግድ ጉዳቱ ከመካከለኛ ስለሚበልጥ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ አስረዱ።

መፍትሔውንም በትክክል ንገሩ። ቁጥሩን በረጅምና በማይገመት ኮድ መተካት አይበቃም፤ አድራሻው ለሌላ ሰው ከደረሰ ያው ይከፈታል። ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ኢንቮይሱ በወቅቱ የገባው ደንበኛ የራሱ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፋችሁ ላኩ፤ ቃሉን በስልክ ንገሩ። ፕሮግራመሩ አስተካከልኩ ሲል ያንኑ ትእዛዝ በድጋሚ ሞክራችሁ ውጤቱን ከቀኑ ጋር ሪፖርቱ ላይ ጨምሩ። ከዚያ የሙከራ ደንበኞቹ ይሰረዙ።