ባህር ለምን ከፍ እንደሚል በጠርሙስና በበረዶ እንዴት ማሳየት ይቻላል

የባህር ከፍታ የሚጨምረው በሁለት መንገድ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ በየብስ ላይ የተከማቸ በረዶ ደግሞ ቀልጦ ወደ ባህር ይገባል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያውቃል። ሁለቱንም በየተራ በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል፤ ከባዱ የመጀመሪያው ነው።

ለመስፋቱ ሙከራ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ጠርሙስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስትሮ፣ የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን፣ ቴርሞሜትርና ሙቅ ውሃ የሚይዝ ድስት ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አልመክርም፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በእጅ ሲነካም ይጨመቃል፤ ስለዚህ በስትሮው ውስጥ የሚታየው ለውጥ ከውሃው ይሁን ከጠርሙሱ መለየት አይቻልም።

ውሃውን አስቀድመው አፍልተው ያቀዝቅዙት። ይህን እርምጃ መዝለል ያጓጓል፤ ነገር ግን በውሃ ውስጥ የሟሟ አየር ሲሞቅ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ድረስ ይሙሉ፣ ጥቂት የምግብ ቀለም ይጨምሩ፣ ስትሮውን ወደ ውስጥ ያስገቡና ዙሪያውን በፕላስቲሲን ይድፈኑ። ሲደፍኑ ውሃው በስትሮው ውስጥ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ካላለ ከክዳኑ ሥር አየር ቀርቷል ማለት ነው። ሙከራውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ይህ ነው። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ አየር በ7 በመቶ ገደማ ሲሰፋ፣ ውሃ ግን የሚሰፋው በ0.6 በመቶ ብቻ ነው። ትንሽ አየር ከታመቀ እንግዲህ የሚለካው የአየሩ መስፋት ይሆናል። ጠርሙሱን አዘንብለው አረፋ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ ከፍተው እንደገና ይሙሉት። ከዚያ በስትሮው ላይ የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉ።

ጠርሙሱን በ45 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከፍታው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስህተት አይደለም። ሙቀቱ ቀድሞ የሚያገኘው መስታወቱን ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ከውሃው በፊት ይሰፋል። ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። የጠርሙሱ ውሃ ከ20 ተነስቶ 40 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 3 ሚሊ ሊትር ይሰፋል፤ የመስታወቱ መስፋት ሲቀነስ፣ የውስጡ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ስትሮ ይህ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነው። ስትሮው አጭር ከሆነ ውሃው ሞልቶ ስለሚፈስ ቀድመው ያውጡት።

አሁን ቁጥሩን ወደ ባህር እንውሰደው። በ20 ዲግሪ አካባቢ ያለ ውሃ በአንድ ዲግሪ የሚሰፋው በአምስት ሺህኛ እጅ ገደማ ነው። ውቅያኖስ ወደ ጎን የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ጭማሪው ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ 700 ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ ንብርብር በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ 14 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ስሌት የሚሠራው ለሞቃታማ ባህር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ለእኩል ሙቀት በጣም ያነሰ ስለሚሰፋ፣ ሙቀቱ የት እንደገባም ከመጠኑ እኩል ይወስናል።

የበረዶው ሙከራ ቀላል ነው። በሁለት እኩል ብርጭቆዎች ከውሃ በላይ ብቅ የሚል ድንጋይ ያስቀምጡ። በአንደኛው በረዶውን ውሃው ላይ ያንሳፍፉ፣ በሌላው ድንጋዩ ላይ ያድርጉት፤ ወዲያውኑ የሁለቱንም ከፍታ ምልክት ያድርጉ። የሚንሳፈፈው በረዶ የብርጭቆውን ወለል መንካት የለበትም። በረዶው ሲቀልጥ የመጀመሪያው ብርጭቆ ከፍታ አይለወጥም፤ ተንሳፋፊ በረዶ ከክብደቱ እኩል የሆነ ውሃ አስቀድሞ ገፍቷልና። የሁለተኛው ብርጭቆ ግን ከፍ ይላል።

በሰሜን ዋልታ ባህር ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ መቅለጥ የባህርን ከፍታ እምብዛም የማይለውጠውና የግሪንላንድ ግግር የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው። ግሪንላንድ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ ባህር በ7 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ባህርን በ1 ሚሊ ሜትር ለማንሳት ከየብስ 360 ቢሊዮን ቶን ያህል በረዶ መግባት አለበት።

ሳይንቲስቶችም ሁለቱን ምክንያቶች ለይተው ይለካሉ። አርጎ የተባሉት ተንሳፋፊ መሣሪያዎች እስከ 2,000 ሜትር ጥልቀት ወርደው የውሃውን ሙቀት ይመዘግባሉ፤ ከዚያ መስፋቱ ይሰላል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግሬስ ሳተላይቶች በምድር ስበት ለውጥ ወደ ባህር የገባውን ውሃ ክብደት መዝነዋል። የሁለቱ ድምር ሌሎች ሳተላይቶች በራዳር ከለኩት ጠቅላላ ከፍታ ጋር በአብዛኛው ይገጥማል። ከ1971 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ከተመዘገበው ጭማሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከመስፋት ነው፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ከየብስ የሚቀልጠው በረዶ ድርሻ በልጧል።