ወፍራም ልጅ ሲታመም፦ የመድኃኒቱን መጠን በየትኛው ክብደት እናስላ?

ምልክቱ ይሄ ነው። ወፍራም ልጅ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይታዘዝለታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፣ የጉበት ኢንዛይሙ ይጨምራል። ሁሉም ሰው «ቫይረስ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ ካርዱን ነው የማየው። ብዙ ጊዜ ክብደቱ ተጽፏል፣ ቁመቱ የለም። ችግሩ እዚያው ላይ ነው።

ፓራሲታሞል ስብ ውስጥ ብዙም አይገባም። ልጁ 20 ኪሎ ስብ ቢጨምር መድኃኒቱን የሚያጣራው ጉበት በዚያው ልክ አያድግም። ስለዚህ በሚዛኑ ቁጥር ስናባዛ ጉበቱ ላይ እንጭናለን።

የ8 ዓመት ወንድ ልጅ እንውሰድ፤ 50 ኪሎ፣ ቁመቱ 1.30 ሜትር። በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲባል 750 ይወጣል። በቀን አራት ጊዜ ሲሰጥ 3,000 ሚሊግራም። የአንድ ጊዜ ጣሪያው 1 ግራም ስለሆነ 750 ማንንም አያስደነግጥም። ነርሷም ፋርማሲስቱም ያሳልፉታል። «ከጣሪያው በታች ነው» የሚል መልስ ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ቁመት መለካት ነው። በዕድሜና በፆታ ከተዘጋጀው የቢኤምአይ ሰንጠረዥ መካከለኛውን መስመር እንይ። ለዚህ ልጅ 16 ገደማ ነው። 16ን በ1.30 ሁለት ጊዜ ስናባዛው 27 ኪሎ ይሆናል። ለቁመቱ የሚገባው ክብደት ይሄ ነው። መጠኑም 400 ሚሊግራም፣ በቀን ቢበዛ 1,600። ከ3,000 ጋር ያለውን ልዩነት እዩት!

እናትየዋን ቤት ውስጥ ሌላ የጉንፋን ሽሮፕ እየሰጠች እንደሆነ ጠይቋት። ፓራሲታሞል እዚያም ውስጥ ይገኛል። አንዲት እናት «ያኛውማ ለሳል ነው» ብላኝ ጠርሙሱን ስታመጣው ፓራሲታሞል የሚለው ስም ጀርባው ላይ ተጽፎ ነበር። ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ አይለካም፤ በስሪንጅ ነው። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ነው ወይስ 250 የሚለውንም አንብቡ። ብዙ ቀን ከመጠን በላይ የወሰደ ልጅ ደግሞ ምልክት እስኪታይበት አይጠበቅም። መድኃኒቱ ይቁም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ማርከሻው አሲቲልሲስቲን ይበልጥ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

አሁን ደግሞ «ለሁሉም መድኃኒት 27 ኪሎን እጠቀማለሁ» የሚል አለ። ይሄም ስህተት ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በከፊል ወደ ትርፉ ክብደት ይገባል። ስለዚህ ከትርፉ 23 ኪሎ ላይ 40 በመቶውን፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ፣ በ27 ላይ እንጨምራለን። በ36 ኪሎ ይሰላል ማለት ነው። በ50 ኪሎ ከሰጠነው ኩላሊትና ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ በ27 ከሰጠነው ኢንፌክሽኑ ላይድን ይችላል። ክሬያቲኒን መከታተል ግዴታ ነው፤ የደም ውስጥ መጠኑን መለካት ከተቻለ ደግሞ ይለካ።

ሰመመን ላይ የሚሰጠው ጡንቻ አዝናኝ ሰክሲኒልኮሊን ደግሞ በሚዛኑ ሙሉ ክብደት ይሰላል።

ትዕዛዙ ጎን ቁመቱን ጻፉ። በየትኛው ክብደት እንዳሰላችሁም ጻፉ፤ የማታው ተረኛ ያንን ካላየ በ50 ኪሎ መልሶ ያሰላዋል።