ቁጥሩ ስልክዎ ላይ እያለ ዋትስአፕ ላይ የማይታየው ለምንድን ነው? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋትስአፕም ሆነ ቴሌግራም ስልክዎ ላይ የመዘገቡትን ሰው የሚያገኝልዎ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። አፑ ስልክዎ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንብቦ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩም በየትኞቹ ቁጥሮች አካውንት እንደተከፈተ አይቶ ይመልሳል። ስሙን የሚያወጣው ከራስዎ ስልክ ነው።

ቁጥርን በ09 መዝግቦ መተው

ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ነው። አዲስ አበባ እያሉ በ09 የመዘገቡት ቁጥር ሁሉ ይሠራል። አካውንትዎ በ+251 ስለተከፈተ አፑ የጎደለውን ኮድ ራሱ ይሞላዋል። ዋሽንግተን ሄደው ዋትስአፑን ወደ አሜሪካ ቁጥር ሲቀይሩ ግን አፑ ያንኑ 09 እንደ አሜሪካ ቁጥር ይቆጥረዋል። እናትዎ ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። መልእክት ቢልኩልዎ እንኳ የሚያዩት ስማቸውን ሳይሆን ባዶ ቁጥር ነው።

መፍትሔው 0ን አጥፍቶ በቦታው +251 መጻፍ ነው። ከ251 በኋላ 9 አሃዝ ብቻ መቅረት አለበት። ዜሮዋን ሳያጠፉ +25109 ብሎ መጻፍ ሌላ ስህተት ነው። በ07 የሚጀምሩትም እንዲሁ ይስተካከላሉ። በ+251 የተመዘገበ ቁጥር አገር ቤትም ውጭም ስለሚሠራ፣ ከጉዞ በፊት ማስተካከሉ ይሻላል።

ፈቃድ ሳይሰጡ አፑን መውቀስ

የጠፋው አንድ ሰው ሳይሆን ሁሉም ስም ከሆነ ቁጥሮቹን አይነካኩ። ፈቃዱ ተዘግቶ ይሆናል። አንድሮይድ ላይ Settings፣ ከዚያ Apps ገብተው አፑን ይምረጡና Permissions ውስጥ Contacts ይፍቀዱ። አይፎን ላይ ደግሞ ከ2024ቱ iOS 18 ወዲህ የተመረጡ ኮንታክቶችን ብቻ መፍቀድ ይቻላል። ይህን የመረጠ ሰው የድሮዎቹን እያየ፣ ትናንት የመዘገበውን ያጣዋል። አሳሳች ነገር ነው።

የጉግልን ሲንክ ከአፑ ሲንክ ጋር ማምታታት

የጉግል ሲንክ ኮንታክትዎን በጉግል አካውንትዎ እና በስልክዎ መካከል ያመሳስላል። ዋትስአፕ የሚያነበው ስልኩ ላይ የደረሰውን ነው። ስለዚህ አዲስ ስልክ ሲገዙ ስሙ በስልኩ የኮንታክት አፕ ውስጥም ከሌለ፣ መጀመሪያ የጉግሉን አካውንት ይመልከቱ።

አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን

ባክአፕ ካልያዙ የዋትስአፕ ቻትዎ ይጠፋል፤ የቁጥሩ ስህተት ግን እዚያው ይቆያል። ቁጥሩን አስተካክለው አንድሮይድ ላይ አዲስ ቻት የሚጀመርበትን ገጽ ይክፈቱና ከሦስቱ ነጥቦች Refresh የሚለውን ይንኩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ሰው ብቻ ካልታየ፣ በዚያ ቁጥር አካውንት አልከፈተ ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ግን ሌላም ምክንያት አለ፦ ሰውየው በቁጥሩ ሊያገኙት የሚችሉት እሱ የመዘገባቸው ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ አድርጎ ይሆናል። ያን ጊዜ ደውለው «ቁጥሬን መዝግበው» ይበሉት።