የቁም ጸሐፊ ተማሪን ታሪክ እንዴት እንጽፋለን? ጥናታችን ትምህርት እንዳይሆንብን

አንድ ልጅ ከየኔታ ሥር ተቀምጦ ብራና ላይ መጻፍ ይማራል። ለታሪካዊ ልብ ወለድ ጥሩ መነሻ ነው። ልጁ ምንም አያውቅም፤ አንባቢውም አያውቅም፤ አብረው ይማራሉ። ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ደራሲው ስለ ብራናና ስለ ቀለም ያነበበውን ሁሉ በመምህሩ አፍ ማስወራት ይጀምራል። ልጁ ይጠይቃል፣ መምህሩ ይመልሳሉ፣ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቃል። አንባቢ እዚህ ጋ ነው መጽሐፉን የሚያስቀምጠው።

አንድ ምሳሌ ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድበት። ቦታው ጎንደር ነው። ዘመኑ ቀዳማዊ ኢያሱ የነገሡበት፣ ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ልጁን ገብሬ እንበለው።

መጀመሪያ፦ ልጁ የሚፈልገውንና ቀነ ገደቡን ወስኑ

«ጥሩ ጸሐፊ መሆን ይፈልጋል» አይበቃም። ይሄ ዓመታት የሚፈጅ ምኞት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ጠበብ እናድርገው። አንዲት ወይዘሮ ዳዊት አስጽፈዋል፤ ለመስቀል መድረስ አለበት። የየኔታ ዓይን ደክሟል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን መዝሙሮች ገብሬ እንዲጽፍ ተፈቅዶለታል፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ካበላሸ ወደ አገሩ ይመለሳል።

አሁን ያጠናችሁት ነገር ሁሉ ዋጋ አገኘ። ክረምት ነው፤ ብራና እርጥበት ይስባል፣ ይኮማተራል። ሰማዩ ሲጨልም መጻፍ አይቻልም። ቀኑ ግን አይጠብቅም። ስለ ብራና ጠባይ አንድም ማብራሪያ ሳትጽፉ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር አንባቢው ይጨነቃል።

ቀጥሎ፦ ማስታወሻችሁን ለሁለት ክፈሉት

ያጠናችሁትን ስትለዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ይሄ ነገር ሊበላሽ ይችላል ወይ? ሊበላሽ የሚችለው ወደ ታሪኩ ይገባል። የማይበላሸው ለጊዜው ይቀመጥ።

ለምሳሌ «የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል» የሚለው እውነት ነው። ግን ምንም አያደርግም፤ እንዲሁ ቁጭ ይላል። አሁን ደግሞ ይሄን እዩት፦ ቆዳው ተወጥሮ ሲፋቅ ቢላው ጥቂት ከሳተ ትንሿ ጭረት እየሰፋች ክብ ቀዳዳ ትሆናለች። ጸሐፊው ወይ ይሰፋታል፣ ወይ ቃሉን በዙሪያዋ አዙሮ ይጽፋል። ይሄኛው ትዕይንት ነው። ያቺን ቀዳዳ ማን እንዳመጣት፣ ማን እንደሰፋት፣ ማን እንዳየባት ማሰብ ትጀምራላችሁ። ውኃውና መወጠሪያውም በዚያው ሰበብ ይገባሉ፤ ለብቻቸው መግለጫ አይፈልጉም።

እንደዚሁ በቀይ ቀለም የሚጻፉ ስሞች አሉ። ጸሐፊው በጥቁር ሲጽፍ ለቀዩ ባዶ ቦታ ትቶ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር፤ በኋላ ተመልሶ ይሞላዋል። ሳይሞሉ የቀሩ ብራናዎችም አሉ። የባለቤት ስም ተፍቆ በሌላ ስም የተተካባቸውም ብዙ ናቸው። ወይዘሮዋ መስቀል ሳይደርስ ከቤተ መንግሥቱ ቢጣሉ ያ ባዶ ቦታ የማን ስም ይገባበታል? ከአንድ የቀለም ማስታወሻ ሙሉ ሴራ ወጣ ማለት ነው።

አሁን ትዕይንቱን ጻፉት

መጀመሪያ ብዙዎቻችን የምንጽፈውን ዓይነት እንይ፦

«“የኔታ፣ ጸሐፊዎች ለምን ይሳሳታሉ?” አለ ገብሬ። “ልጄ፣ ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በመካከል ያለው ይቀራል። ስህተትን ለማረም ብራናውን በቢላ እንፍቃለን፤ ካልሆነም በኅዳግ ላይ ምልክት አድርገን የቀረውን እንጽፋለን” አሉት።»

ስህተት የለበትም። እንዲህ ያለ መዝለል በእጅ በሚገለበጥ መጽሐፍ ሁሉ የሚያጋጥም ነው፤ እርማቱም እንደዚሁ ነው። ግን ማንም ምንም አላጣም። ያንኑ እውቀት እጅ ላይ እናውርደው። በግዕዙ ዳዊት 135ኛው መዝሙር እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ ዓይነት ቃል ነው የሚያልቀው። ለደከመ ዓይን ከዚህ የባሰ ወጥመድ የለም፦

«ገብሬ መስመሩን ጨረሰ። እስመ ለዓለም ምሕረቱ። ብርዑን ቀንዱ ውስጥ ነክሮ ዓይኑን ወደ አሮጌው ዳዊት መለሰ። እስመ ለዓለም ምሕረቱ። አገኘው። ቀጠለ። ሁለት መስመር ከወረደ በኋላ እጁ ቀጥ አለ። ፈርዖን ሰጥሟል። ባሕሩ ግን ገና አልተከፈለም፤ እስራኤልም አልተሻገሩም።

ቅጠሉን ወደ በሩ ብርሃን አነሣው። የጣቱ ጥላ በማዶ ታየው። እዚህ ጋ ስስ ነው፤ ቢፍቀው ይቀደዳል። አውጥቶ ቢጥለው አብሮት የታጠፈው ቅጠል ይሄዳል፤ እሱ ላይ ያለው ደግሞ የየኔታ እጅ ነው።

የመቋሚያ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

“ገብሬ፣ ደረስክ ወይ?”

“ደረስኩ፣ የኔታ።”»

ምን ያህል ጥናት እንደገባ ቁጠሩት። የዓይን መዝለል አለ። የቀለም ቀንድ አለ። የብራና ስስነት አለ። ብራናው መሃሉ ላይ ታጥፎ ሁለት ቅጠል ስለሚሆን አንዱን መጣል ሌላውን መጣል እንደሆነ አለ። አንዱም አልተብራራም፤ ሁሉም ገብሬን መውጫ አሳጥቶታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋሸ። ለሚቀጥለው ምዕራፍ የሚገፋን ውሸቱ ነው።

የስንኞቹን ቅደም ተከተል በዘፈቀደ እንዳልመረጥኩም ልብ በሉ። ባሕሩ የሚከፈልበትና እስራኤል የሚሻገሩበት ስንኝ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ፈርዖን ይሰጥማል። ሁለቱ ሲዘለሉ ታሪኩ ራሱ ይፈርሳል፤ ግዕዝ የማያውቅ አንባቢም ጉዳቱ ወዲያው ይገባዋል። ከጥናታችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነቷን ቁራጭ ፈልጉ። አንዷ ከአሥር ገጽ መግለጫ ትበልጣለች።

ዝርዝሩን የት እናርዝመው?

«ዝርዝር አሳጥር» የሚለው ምክር ብቻውን ያሳስታል። ዝርዝር አንባቢን የሚያሰለቸው በመርዘሙ ሳይሆን ከጥያቄ በፊት በመምጣቱ ነው። ምዕራፉን በቀለም አሠራር ከጀመራችሁት፣ ጥላሸቱ፣ የእህሉ መቆላት፣ ለወራት መቀመጡ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገርም ይከብዳል። ገብሬ ማታ ተደብቆ ሊፍቅ ሲወስን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አሁን አንባቢው ብራናው ይቀደድ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ቢላው እንዴት እንደተያዘ፣ ፊደሉ ከየት በኩል መነሣት እንደጀመረ፣ ብናኙን በትንፋሹ እንዴት እንዳራቀው ጻፉ። ሙሉ ገጽ ብትሰጡትም አይሰለችም።

ስለዚህ ረቂቁን ስታነቡ በእያንዳንዱ ረጅም መግለጫ ላይ ቁሙ። ከእሱ በፊት ያልተመለሰ ጥያቄ አለ? ከሌለ ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ ታች አውርዱት። ብዙ ጊዜ መግለጫው ጥሩ ነው፤ የተቀመጠው ያለ ቦታው ነው።

መምህሩ አጭር ይናገሩ

ሥራ የሚያውቅ ሰው በሥራ ሰዓት አያብራራም። «ወደ ብርሃን ዙር» ይላሉ። «ይሄን ማን ፋቀው?» ይላሉ። ተማሪው የሚማረው አይቶ፣ ተሳስቶ፣ ተቆጥተውት ነው። መምህሩ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ስለ ሙያው ካወሩ ተጠራጠሩ፤ ያ ድምፅ የእናንተ ሊሆን ይችላል።

የሙያ ቃላትም እንደዚሁ ናቸው። ብርዕ፣ ወስፌ፣ ኅዳግ፣ ማኅደር ስትሉ ትርጉም አትለጥፉበት። ወስፌው የብራናውን ጠርዝ ሲበሳ፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ቀለም አልባ መስመር ሲሰመር ካሳያችሁ አንባቢው ገብቶታል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት አዲስ ቃል ከበቂ በላይ ነው።

በመጨረሻ፦ ሳታስቡት የገባውን አውጡ

ስለ ብራናው ስትጠነቀቁ ስህተቱ በሌላ በር ይገባል። የምንሳሳተው ባጠናነው ነገር ላይ አይደለም፤ ማጥናት ያለብን በማይመስለን ነገር ላይ ነው። ወይዘሮዋ ለየኔታ የማርያ ቴሬዛ ብር ቢሰጡ ትዕይንቱ ይወድቃል። ያ ብር መመታት የጀመረው በ1741 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢያሱ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ። በአሞሌ ጨው ወይም በእህል ይክፈሉ። ገብሬ ባሕር ዛፍ ሥር መቀመጥም አይችልም፤ ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ዋርካ ወይም ወይራ ይሁንለት። ማታ ሲፍቅም ኩራዝና ላምባ የለም፤ የምድጃው እሳት ወይም ጧፍ ይብራለት።

ይሄን ስታስተካክሉ ማረማችሁ እንዳይታወቅ። «በዚያን ዘመን ብር ስላልነበረ ወይዘሮዋ አሞሌ ሰጡ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ትምህርቱ ተመልሶ መጣ። ወይዘሮዋ አሞሌውን ይስጡ፤ የኔታ ጠርዙ መሰበሩን ይዩ፤ ምንም አይበሉ።

የተረፋችሁን ጥናት ከመጽሐፉ መጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ጻፉት። ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኛው ነገር እውነት የትኛው ፈጠራ እንደሆነ እዚያ ንገሩን። ገብሬን ጨርሶ የተሰናበተ አንባቢ ያንን ገጽ ወዶ ያነበዋል።