መጋረጃ እያለ ቤቱ ለምን ይታያል? መንገድ ዳር ላለ የግራውንድ መስኮት ችግርና መፍትሄ

ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ወይም አስፋልት ዳር የሚኖር ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚገዛው መጋረጃ ነው። ወር ሳይሞላው የሚያማርረውም በዚያው መጋረጃ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም። ማን፣ ከየት ሆኖ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያይ ሳይታሰብ ስለተገዛ ነው።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት አብሩ፣ ከቤተሰብ አንዱን ሶፋ ላይ አስቀምጡ፣ ሌላው ይቁም፣ ከዚያ ወጥታችሁ መጀመሪያ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ቀጥሎ በጎን፣ በመጨረሻ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ ተመልከቱ። ቀንም ድገሙት። ችግራችሁ ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ቀን ምንም አይታይም፣ ማታ ግን ሁሉም ነገር ይታያል

ይሄ የስስ መጋረጃ ችግር ነው። ስስ ጨርቅ የሚጋርደው ውጪው ከቤቱ የበለጠ ብርሃን ሲኖረው ብቻ ነው። ቀን ፀሐዩ ጨርቁ ላይ ስለሚያርፍ መንገደኛው የሚያየው ነጭ ጨርቅ ነው። ማታ መብራት ስታበሩ ነገሩ ይገለበጣል፤ እናንተ ውጪውን አታዩም፣ ውጪ ያለው ግን እናንተን ያያል። ልጁ የልደቱን ሻማ እፍ ሲል መንገደኛው አብሮ ሊያጨበጭብ ምንም አይቀረው።

እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ስቲከርም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው። ሻጩ «ከውጪ በፍጹም አያሳይም» ሲል ቀን ቀን እውነቱን ነው። ማታ ግን ዋጋ የለውም። ነጣ ያለው ጭጋጋማ ስቲከር ይሻላል፣ ቀንም ማታም ፊት አይለይበትም፤ ግን ለመስታወቱ ከተጠጋችሁ ቅርጻችሁ ይታያል፣ መስኮቱን ከከፈታችሁት ደግሞ ስቲከሩም አብሮ ተከፈተ ማለት ነው። ለመታጠቢያ ቤት አሪፍ ነው፤ ለሳሎን ብቻውን አይበቃም።

መፍትሄው ሁለት ንብርብር ነው። ባለ ሁለት ዘንግ ማንጠልጠያ ግዙ፤ ስሱ በመስታወቱ በኩል ይሁን፣ ወፍራሙ በቤቱ በኩል። ቀን ስሱ ብቻ፣ ሲመሽ ወፍራሙ ይሳባል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ወፍራም የመሰለውን ሁሉ ወፍራም ነው ብሎ በመግዛት ነው። ሱቅ ውስጥ ጨርቁን ሳታጥፉ ዘርጉት፣ ከጀርባው የስልካችሁን ባትሪ አብሩ፣ በባትሪውና በጨርቁ መካከል እጃችሁን አስገቡ። ጣቶቻችሁን መቁጠር ከቻላችሁ ማታ እናንተም እንደዚያው በጥላ ትታያላችሁ። ጨርቁን ከወደዳችሁት አትተዉት፣ ሰፊው ገበር ያድርግበት።

ገበር ማሰፋት ካልፈለጋችሁ የመብራቱን ቦታ ቀይሩ። ጥላው መጋረጃው ላይ የሚወድቀው አምፖሉ ከጀርባችሁ ሆኖ እናንተ በአምፖሉና በመስኮቱ መካከል ስትሆኑ ነው። የማታ መብራቱን መስኮቱ ባለበት ግድግዳ በኩል ብታደርጉት ጥላችሁ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ነፃ መፍትሄ ነው፣ ግን ብዙ ሰው አይሞክረውም።

አሁን በየቤቱ የሚታየው ዜብራ ብላይንድ ቀን ደህና ነው። ማታ ግን ስሱና ወፍራሙ መስመር የሚደራረቡበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ክፍተት ሊተው ይችላል። በደንብ ገጥሞ መዘጋቱን ውጪ ሆናችሁ ሳታዩ አትመኑት።

ይሸፍናል፣ ግን ቀኑን ሙሉ መብራት እናበራለን

ይሄኛው ትንሽ በሜትር መለካት ይፈልጋል፣ ግን ከሁሉም ያዋጣል። ወፍራም መጋረጃ ቀኑን ሙሉ የሚዘጋው ሙሉውን መስኮት መሸፈን ግዴታ ስለሚመስል ነው። መንገደኛ ግን የሚያየው ከዓይኑ ቁመት ነው። የመስኮቱ የላይኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ እሱን ክፍት ትቶ ታችኛውን በግማሽ መጋረጃ መሸፈን ይቻላል።

የት ድረስ እንደሚሸፈን በአንድ ምሳሌ እንየው። መስኮቱ 150 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 120 ቁመት አለው። ከወለሉ 90 ላይ ይጀምራል፣ 210 ላይ ያበቃል። የእግረኛ መንገዱ ከቤቱ ወለል በ30 ዝቅ ይላል። የመንገደኛው ዓይን ከቆመበት 160 ላይ ነው እንበል፤ ከእናንተ ወለል ሲለካ 130 ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ግማሽ መጋረጃውን ከወለሉ 150 ድረስ ሰቀላችሁ። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ርቆ የሚያልፍ ሰው ከመጋረጃው በላይ ለማየት ሽቅብ ማየት አለበት፤ ዕይታው በየሜትሩ 20 ሴንቲሜትር እየወጣ ሦስት ሜትር ውስጥ ሲገባ 210 ላይ ይደርሳል። ያ ሰው የግድግዳችሁን ጫፍና ኮርኒሱን ቢያይ ነው። እዚህ ላይ ጨረስን ብላችሁ ሜትራችሁን ከጠቀለላችሁ ግን ተሸወዳችሁ። ምክንያቱም አስቸጋሪው ሰው አጠገባችሁ የሚያልፈው ሳይሆን ማዶ ታክሲ የሚጠብቀው ነው። አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ዕይታ ጠፍጣፋ ነው፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚወጣው። ሦስት ሜትር ውስጥ ሲገባ ገና 156 ላይ ነው። 170 የሚረዝም ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢቆም ግማሽ ፊቱ ከማዶ ይታያል።

ስለዚህ መጋረጃውን ወደ 165 ከፍ አድርጉት። አሁን የማዶው ሰው ዕይታ ሦስት ሜትር ውስጥ 175 ገደማ ይደርሳል፤ ቆማችሁም አትታዩም፣ መስኮቱ ጥግ ከቆማችሁ ፀጉራችሁ ብቻ ነው የሚታየው። 75 ሴንቲሜትር ተሸፈነ፣ 45 ደግሞ ለብርሃን ቀረ። ለጨርቁ የመስኮቱን ስፋት እጥፍ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ብትወስዱ ጥሩ ይሸበሸባል። ለቁመቱ ከ75ቱ በላይ ለእጥፋትና ለዘንግ ማስገቢያ አሥራ አምስት ያህል ጨምሩ።

ግን ይሄ የሚሠራው ወለላችሁ ከመንገዱ ከፍ ሲል ነው። እኩል ከሆነ መጋረጃው 175 ወይም 180 መድረስ አለበት፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። አስፋልቱ ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ብሎ ቤታችሁ ታች ከቀረ፣ ወይም አውቶብስ መስኮታችሁ ሥር የሚቆም ከሆነ፣ ወይም ፊት ለፊት ፎቅ ካለ ደግሞ ግማሽ መጋረጃውን እርሱት። ከላይ የሚያያችሁን ሰው ግማሽ መጋረጃ አይከለክለውም።

እዚያ ላይ የሚያዋጣው አግድም ቅጠል ያለው ብላይንድ ነው፤ ከአሉሚኒየም ወይም ከእንጨት የሚሠራው። ዋናው ነገር ቅጠሉ ወዴት እንደሚያዘነብል ነው። ሰው ከላይ የሚያያችሁ ከሆነ በቤቱ በኩል ያለው የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ይነሳ፣ በመንገዱ በኩል ያለው ይውረድ። ዕይታው ቅጠሉ ላይ ይቆማል። ሰው ከታች ሽቅብ የሚያያችሁ ከሆነ ግልባጩን አድርጉ። ግማሽ ብቻ ስታዘነብሉት በቅጠሎቹ መካከል ቀጥታ የሚያሳይ ስንጥቅ ሊቀር ስለሚችል ትንሽ ጨምሩበት፣ ከዚያ ወጥታችሁ እዩት።

ዘግቼውም በጎን በኩል ይታያል

ዘንጉ አጥሯል። ለ150 መስኮት 150 ዘንግ ከገዛችሁ በሰያፍ የሚመጣ መንገደኛ ሶፋውን ከነተቀማጩ ያየዋል። በግራም በቀኝም 20፣ 20 ጨምራችሁ 190 አድርጉት። ከላይም ከመስኮቱ 15 ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል። መካከል ላይ የሚከፈተው ደግሞ ጨርቁ ጠቦ ነው፤ ለስሱ የዘንጉን እጥፍ፣ ለወፍራሙ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ያስፈልጋል።

ብላይንድ ከሆነ ያስገቡላችሁ በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ ይሆናል። እዚያ ውስጥ እንዳይፋተግ በጎንና በጎን ቀጭን ክፍተት ይተዋሉ፣ ማታ ያ ክፍተት ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር ሆኖ ውስጡን ያሳያል። ከክፈፉ ወጥቶ በቤቱ በኩል ግድግዳው ላይ ይሰቀልና በየጎኑ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ይደረብ። ልኬቱን ለሠራተኛው ስትነግሩ «ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው» ማለትን አትርሱ፣ ካልነገራችሁት አጥብቦ ይቆርጠዋል።

መስኮት ሲከፈት ነፋሱ ይገልጠዋል

መስኮት ዘግቶ መኖር አይቻልም፣ በተለይ ወጥ ሲሠራ። ግማሽ መጋረጃ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከታችም ሁለተኛ ቀጭን ዘንግ አስገቡበት፣ ተወጥሮ ይቀመጣል። ረጅሙን መጋረጃ ሰፊው ከታች እጥፋቱ ውስጥ ሰንሰለት ወይም ትናንሽ ክብደት ያድርግበት። ቁመት ለቁመት የሚንጠለጠለው ቨርቲካል ብላይንድ ለዚህ ቦታ አይሆንም። በነፋስ እየተንኳኳ ያሳብዳል፣ ቅጠሉም ሲዞር ቤቱ ይታያል።

በነፋስ ንቅንቅ የማይለው ቅጠል ያለው የእንጨት መዝጊያ ነው፣ የድሮ የአዲስ አበባ ቤቶች ላይ ከውጪ የምታዩት ዓይነት። አየር ያስገባል፣ ሰው አያሳይም፣ ሲመሽ ይቀረቀራል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ደግሞ በውጪ በኩል ከተሠራ ሲከፈት የእግረኛ ራስ ላይ እንዳይመጣ ቦታ ይፈልጋል። የብረት ፍርግርግ ካላችሁና መስኮታችሁ ወደ ውጪ የሚከፈት ከሆነ የውጪው ላይገጥም ይችላል። ኮንዶሚኒየም ላይ የውጪው ግድግዳ የጋራ ስለሆነ መጀመሪያ የሕንፃውን ማኅበር ጠይቁ። በውስጥ በኩል፣ ታችኛውን ግማሽ ብቻ የሚዘጋ መዝጊያ ማሠራት ይቻላል፤ ለቁመቱ ያንኑ የ165 ሒሳብ ተጠቀሙ። የራሴ ቤት ከሆነና ለረጅም ጊዜ የምኖርበት ከሆነ እኔ ይሄን ነው የምመርጠው። ተከራይ ከሆናችሁ ግን ነቅላችሁ ለማትወስዱት ነገር ብር አታውጡ።

ቶሎ ይጠቁራል

የመኪና ጭስና አቧራ ነው፣ ምንም አይደረግም። ስሱን በቀላሉ ከሚታጠብና ቶሎ ከሚደርቅ ፖሊስተር አሠሩ፣ ሲታጠብ የሚቀየር ሌላ አንድ ካለ ደግሞ መስኮቱ ባዶ አይውልም። ብላይንድ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ግን ቅጠል በቅጠል ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሕፃን ካለ ደግሞ የብላይንዱ ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል እንደተንጠለጠለ አትተዉት፤ ልጁ በማይደርስበት ከፍታ ግድግዳ ላይ መንጠቆ ምቱና እሱ ላይ ጠቅልሉት፣ አልጋና ወንበርም ከሥሩ አርቁ።