አማካዩ 334 ሚሊሰከንድ ሲል፦ የፐርፎርማንስ ቴስት ውጤት ስናነብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

1,000 ጥያቄ ወደ ሰርቨር የተላከበትን አንድ ቴስት እንውሰድ። 940ዎቹ በ100 ሚሊሰከንድ መልስ አገኙ። የቀሩት 60ዎቹ ዳታቤዙ ላይ ሎክ እስኪለቀቅ ሲጠብቁ እያንዳንዳቸው 4,000 ሚሊሰከንድ ፈጁ። የጭነት መሞከሪያው መሣሪያ የJMeter `Aggregate Report` ሲከፈት `Average` በሚለው ዓምድ ሥር 334 ተጽፏል።

አማካዩን ብቻ አይቶ መደምደም

በዚህ ቴስት ውስጥ 334 ሚሊሰከንድ የፈጀ አንድም ጥያቄ የለም። ወይ 100 ነው፣ ወይ 4,000። አማካዩ ሁለት የተለያዩ ባሕርያትን አደባልቆ በመሃል የሌለ ቁጥር ይፈጥራል፤ ሎክ መኖሩንም ይሸፍናል።

ፐርሰንታይል ሲሰላ ግን ምላሾቹ ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ይደረደራሉ። 500ኛው ላይ ሚዲያኑ 100 ነው። 900ኛው ላይ የሚነበበው `90% Line`ም 100 ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ምንም ችግር አይታየውም። 950ኛው ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ድንገት 4,000 ይሆናል። እንዲህ ያለ ዝላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው የሆነ ቦታ ወረፋ መኖሩን ነው፦ ሎክ፣ የሞላ ኮኔክሽን ፑል፣ ወይም ጋርቤጅ ኮሌክሽን።

«6 በመቶ ብቻ ነው» ብሎ ማለፍም አያዋጣም። አንድ ገጽ ለመከፈት 20 ጥያቄ የሚልክ ከሆነና መዘግየቱ በየጥያቄው ራሱን ችሎ የሚከሰት ከሆነ፣ ቢያንስ አንዱ የመዘግየቱ ዕድል 1 − 0.94²⁰ ማለትም 71 በመቶ ገደማ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ያ 4 ሰከንድ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ያልተሳኩትን ከተሳኩት ጋር መደመር

አሁን ደግሞ እነዚያ 60 ጥያቄዎች መጠበቃቸው ቀርቶ በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ 503 የሚል የስህተት መልስ እየተመለሰላቸው ነው እንበል። አማካዩ ከ334 ወደ 94 ይወርዳል፤ ፐርሰንታይሎቹም ሁሉ ያማሩ ይሆናሉ። ሲስተሙ ግን ተባብሷል። `Error %` ሳይታይ የምላሽ ጊዜ አይነበብም። የተሳኩትን ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል፤ የJMeter ትሩፑት፣ ማለትም በሰከንድ የተስተናገዱት ጥያቄዎች ብዛት፣ ያልተሳኩትንም ስለሚቆጥር እሱም በዚሁ መንገድ መጣራት አለበት።

ትሩፑትን ከምላሽ ጊዜው ነጥሎ ማንበብ

ቴስቱ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ተጠቃሚ ሆነው ያለ እረፍት በሚልኩ 50 ትሬዶች ተሠርቶ ከሆነ ትሩፑቱ 50 ÷ 0.334፣ ማለትም በሰከንድ 150 ገደማ መሆን አለበት። ሪፖርቱ ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ካሳየ መጀመሪያ የሚመረመሩት በስክሪፕቱ ውስጥ የተረሳ `Timer` እና ጭነቱን የሚልከው ማሽን ሲፒዩ ናቸው።

ትሬዶቹ ወደ 100 ከፍ ሲሉ ትሩፑቱ እዚያው 150 ላይ ቆሞ አማካዩ ወደ 667 ካደገ፣ የተጨመረው ጭነት በሙሉ ወረፋ ሆኗል። ያኔ «በሰከንድ 150 ይችላል» ብሎ መጻፍ ያሳስታል። ጭነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ፣ 99ኛው ፐርሰንታይል ከተፈቀደው ገደብ ሳያልፍ የተገኘውን ከፍተኛ ትሩፑት መመዝገብ ይሻላል።

ሰርቨሩ ሲቆም ቴስቱም አብሮ መቆሙን መርሳት

ይህ ከሁሉም ይልቅ ተደብቆ የሚያልፍ ነው። አንድ ትሬድ በየ100 ሚሊሰከንዱ አንድ ጥያቄ እየላከ 100 ሰከንድ ቆየ እንበል፤ ከዚያ ውስጥ ሰርቨሩ ለ10 ሰከንድ ተገትሯል። ትሬዱ መልስ ሳያገኝ ቀጣዩን ስለማይልክ የሚመዘገቡት ወደ 900 ፈጣን ምላሾችና አንድ የ10 ሰከንድ ምላሽ ብቻ ናቸው። 99ኛው ፐርሰንታይል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

እውነተኛ ተጠቃሚዎች ግን ሰርቨሩ ቆሟል ብለው መምጣታቸውን አያቆሙም። በዚያች 10 ሰከንድ 100 ጥያቄ ይመጣ ነበር፤ የመጀመሪያው 10 ሰከንድ፣ ቀጣዩ 9.9 እያለ ይጠብቃል። እንዲህ ሲቆጠር 99ኛው ፐርሰንታይል 9 ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ መልስ ሳይጠብቅ በቋሚ ፍጥነት የሚልክ መሣሪያ ይመረጣል፤ k6 ላይ `constant-arrival-rate`፣ አለዚያም ጊዜውን ጥያቄው መላክ ከነበረበት ቅጽበት ጀምሮ የሚቆጥረው wrk2። ቴስቱ በትሬድ ከተሠራ `Max` የሚለው ዓምድ ፍንጭ ይሰጣል፦ ከ`99% Line` በብዙ እጥፍ ከራቀ መገተር ነበር ብሎ መጠርጠር ነው።

የፐርሰንታይሎችን አማካይ ማውጣት

9,000 ጥያቄ ያስተናገደ ሰርቨር 99ኛው 200 ሚሊሰከንድ፣ 1,000 ያስተናገደው ደግሞ 3,000 ቢሆን፣ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የሚሰጠው 1,600 የማንም ቁጥር አይደለም። መጀመሪያ ሂስቶግራሞቹ ይደመራሉ፤ ፐርሰንታይሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። Prometheus ላይ፦

```
histogram_quantile(0.99, sum by (le)
  (rate(http_request_duration_seconds_bucket[5m])))
```

ውጤቱ የሚገመተው ከባኬቶቹ ወሰን ስለሆነ፣ ከ1 ሰከንድ ቀጥሎ ያለው ባኬት 10 ሰከንድ ከሆነ በመሃል ያለው ቁጥር ግምት ብቻ ነው። የባኬቶቹን ወሰን በተፈቀደው ገደብ አካባቢ ማቀራረብ ያስፈልጋል።